ሦስት አማራጭ፣ አንድ ምክር፦ የውሳኔ ሐሳብ ማስታወሻ እንዴት ይጻፋል?

ለውሳኔ ከሚቀርቡልን ማስታወሻዎች መካከል ብዙዎቹ በአንድ ዓይነት መንገድ ይደመደማሉ። ሦስት አማራጮች ይዘረዘራሉ፤ የእያንዳንዱ መልካም ጎንና ደካማ ጎን ይጻፋል፤ በመጨረሻም «ውሳኔው ለኃላፊዎች የተተወ ነው» ይባላል። ጸሐፊው በስፍራው ተገኝቶ፣ ሕዝቡን አነጋግሮና ውኃውን ለክቶ ሳለ፣ የትኛው እንደሚሻል ሳይናገር ይቀራል። ቦታውን ያላየው ወሳኝም ያየውን ሰው ምክር ሳያገኝ ለመወሰን ይገደዳል። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ማስታወሻ እንዴት ተሠርቶ ግልጽ ምርጫ እንደሚያቀርብ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማስረዳት እኛ ያስቀመጥናቸው ናቸው።

የበልግ ዝናብ በማይጥልበት አንድ ደጋማ ወረዳ 1,800 ሰዎች የሚኖሩበት መንደር ንጹሕ ውኃ የለውም እንበል። ለገጠር በተቀመጠው የአገራችን መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ማዳረስ ስለሚገባ፣ መንደሩ በቀን 45,000 ሊትር ያስፈልገዋል። የቀረቡት አማራጮች ሦስት ናቸው። «ሀ» በኮረብታው ላይ ያለውን ምንጭ አጎልብቶ ውኃውን በራሱ ቁልቁለት በቧንቧ ወደ አምስት ቦኖዎች ማውረድ ነው። «ለ» በእጅ የሚቆፈሩ ስድስት ጉድጓዶችን ከነእጅ ፓምፓቸው መሥራት ነው። «ሐ» አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ፓምፕ ውኃውን ማውጣት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ግዴታ የሆነውን ነገር ከሚመዘነው መለየት ነው። የውኃው ጥራት በላቦራቶሪ ምርመራ ማለፍና ጠቅላላ ወጪው ከ8 ሚሊዮን ብር አለመብለጡ በእኛ ምሳሌ ግዴታዎች ናቸው። ግዴታን ያላሟላ አማራጭ ከሚዛኑ ላይ አይወጣም። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ፣ ለመጠጥ የማይሆን ውኃ ያለው ጉድጓድ ርካሽ በመሆኑ ብቻ ነጥብ ሰብስቦ አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ሦስቱም አማራጮች ሁለቱን ግዴታዎች አሟልተዋል ብለን እንቀጥል።

ቀጥሎ መመዘኛዎቹና ክብደታቸው ይወሰናሉ። አራት መመዘኛዎች እንይዛለን፤ የክብደታቸው ድምር 100 ነው። ውኃው በበጋ የማይቋረጥ መሆኑ 35፣ የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ በራሱ አቅም ሊጠግነው መቻሉ 30፣ የግንባታውና የአሥር ዓመት ማንቀሳቀሻው ወጪ 20፣ ከቤት ያለው ርቀት 15 ይይዛሉ። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አለመቁጠር ነው። የመለዋወጫ ዋጋ በወጪው ውስጥ ከገባ፣ በጥገናው መመዘኛ ሥር የሚታየው የባለሙያና የመለዋወጫ በቅርብ መገኘት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ክብደቱ ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት በወሳኞቹና በውኃ ኮሚቴው ተስማምቶ መፈረም አለበት። ነጥቡ ከታየ በኋላ የሚወጣ ክብደት አስቀድሞ ለተመረጠው አማራጭ ልክ የተሰፋ ልብስ ይሆናልና።

ከዚያ በኋላ ከ1 እስከ 5 ያሉት ነጥቦች ምን ማለት እንደሆኑ በጽሑፍ ይቀመጣል። ለምሳሌ በበጋ አለመቋረጥን በሚመለከት፣ በደረቁ ወር ከሚያስፈልገው እጥፍና ከዚያ በላይ የሚሰጥ 5፣ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሰጥ 4፣ ልክ የሚበቃ 3፣ የሚያጥር 2፣ ከግማሽ በታች የሚሰጥ 1 ያገኛል። እንዲህ ሲሆን «ጥሩ ነው» የሚለው አስተያየት ቦታውን ለልኬት ይለቃል። በሚያዝያ መጨረሻ ከምንጩ ሥር የተቀመጠ 20 ሊትር ጀሪካን በ25 ሰከንድ ሞላ እንበል። ይህ በሰከንድ 0.8 ሊትር፣ በቀን 69,120 ሊትር ነው። የሌሊቱ ውኃ በማጠራቀሚያ ከተያዘ ከሚያስፈልገው አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚሆን «ሀ» 4 ያገኛል። በአካባቢው ያሉት በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች በዚያው ወር ውኃቸው ስለሚያንስ «ለ» 2 ይሰጠዋል። በቅርብ ካለ ጥልቅ ጉድጓድ የፓምፕ ሙከራ በመነሣት በሰከንድ 5 ሊትር፣ በቀን ለስድስት ሰዓት ቢወጣ 108,000 ሊትር ስለሚገኝ «ሐ» 5 ያገኛል። የ«ሐ» ቁጥር ከጎረቤት ጉድጓድ የተወሰደ ግምት በመሆኑ ማስታወሻው ይህንኑ በግልጽ ይጽፋል።

በጥገና ረገድ የቧንቧ መስመሩን ሥልጠና ያገኙ ሁለት የመንደሩ ሰዎች ሊጠግኑት ስለሚችሉ «ሀ» 4 ያገኛል። ስድስቱ የእጅ ፓምፖች አሠራራቸው ቀላል ቢሆንም፣ የእያንዳንዳቸው የሚያልቅ ዕቃ በየጊዜው መለወጥ ስላለበት «ለ» 3 ይሰጠዋል። የፀሐይ ኃይሉ ፓምፕ ሲበላሽ ባለሙያው ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ስለሚሆን «ሐ» 2 ያገኛል። በወጪ ረገድ 5.4 ሚሊዮን፣ 3.2 ሚሊዮንና 7.6 ሚሊዮን ብር በቅደም ተከተል 3፣ 5 እና 2 ያሰጣሉ። በርቀት ረገድ ስድስቱ ጉድጓዶች በመንደሩ ተሰበጣጥረው ስለሚሠሩ «ለ» 5 ሲያገኝ፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 3 ያገኛሉ። እያንዳንዱ ነጥብ በክብደቱ ሲባዛ ሠንጠረዡ እንዲህ ይሆናል።

| መመዘኛ | ክብደት | ሀ | ለ | ሐ |
|---|---|---|---|---|
| በበጋ አለመቋረጥ | 35 | 4 (140) | 2 (70) | 5 (175) |
| በኮሚቴው መጠገን | 30 | 4 (120) | 3 (90) | 2 (60) |
| ወጪ | 20 | 3 (60) | 5 (100) | 2 (40) |
| ርቀት | 15 | 3 (45) | 5 (75) | 3 (45) |
| ድምር ከ500 | 100 | 365 | 335 | 320 |

ብዙዎች ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በ365 እና በ335 መካከል ያለው ልዩነት ጠንካራ ይሁን ደካማ ገና አልታወቀም። ይህን ለማወቅ ክብደቱን ጥቂት አናውጦ ማየት ያስፈልጋል። ከበጋ አለመቋረጥ ላይ 5 ነጥብ ወደ ወጪ ቢዛወር «ሀ» 360፣ «ለ» 350 ይሆናል፤ ምርጫው አይለወጥም። 8 ነጥብ ቢዛወር ግን «ሀ» 357፣ «ለ» 359 ሆኖ ጉድጓዶቹ ይቀድማሉ። ስለዚህ ምክሩ የቆመው «በበጋ ውኃ እንዳይቋረጥ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ተጨማሪ ወጪ ማውጣት ተገቢ ነው» በሚል ፍርድ ላይ ነው። ይህ ፍርድ በቁጥር ውስጥ ተሸሽጎ እንዳይቀር በማስታወሻው ላይ በቃል ተጽፎ ለወሳኙ መቅረብ አለበት። ጉድጓዱ ሲነጥፍ እናቶችና ልጃገረዶች እንደገና ወደ ወንዝ እንደሚወርዱ እያወቀ በገንዘቡ እጥረት ምክንያት «ለ»ን ቢመርጥም፣ የመረጠውን ነገር አውቆ ይመርጣል።

ክብደቱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሰጥ፣ ልኬቱ በተሳሳተ ወር ከተወሰደ ውጤቱ ይገለበጣል። ክረምት በወጣ ማግሥት፣ በጥቅምት ሄደን ለካን እንበል። ያን ጊዜ ምንጩ ስለሚገነፍል 5፣ ጉድጓዶቹም ስለሚሞሉ 4 ያገኛሉ። ድምሩ ለ«ሀ» 400፣ ለ«ለ» 405 ይሆንና ማስታወሻው በሚያዝያ የሚያጥሩትን ጉድጓዶች ይመክራል። ስሌቱ አንዳች ስሕተት የለበትም፤ የተሳሳተው ወሩ ነው። በመሆኑም ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የተለካበት ቀንና የለካው ክፍል ይጻፋል። ማስታወሻ የሚቀበል ሰውም ከድምሩ በፊት ይህን ቀን መመልከት ይገባዋል።

አሁን ማስታወሻውን መጻፍ ይቻላል። በጽሕፈት ቤቶቻችን የተለመደው አጻጻፍ ከታሪክ ተነሥቶ «ስለሆነም» በሚል ቃል መደምደሚያው ላይ መድረስ ነው። የውሳኔ ሐሳብ ማስታወሻ ግን ምክሩን ያስቀድማል፤ ይኸውም ለምሳሌ እንዲህ ነው፦

«ጉዳዩ፦ ለመንደሩ የመጠጥ ውኃ አማራጭ ስለ መምረጥ። አማራጭ ‹ሀ›፣ ማለትም የምንጭ ማጎልበት ሥራ፣ በ5.4 ሚሊዮን ብር ጠቅላላ ወጪ እንዲጸድቅ እንመክራለን። በሚያዝያ በተወሰደው ልኬት ለመንደሩ ከሚያስፈልገው አንድ ተኩል እጥፍ ውኃ ይሰጣል፤ ኮሚቴውም በራሱ ሊጠግነው ይችላል። ከ‹ለ› ይልቅ በ2.2 ሚሊዮን ብር ይበልጣል፤ ይህን ወጪ የምንደግፈው ጉድጓዶቹ በበጋ ስለሚያጥሩ ነው። ግንባታው በመጪው በጋ እንዲጀመር ውሳኔው እስከ ሰኔ 15 ያስፈልገናል።»

ከዚህ በኋላ ሠንጠረዡ፣ ቀጥሎም ክብደቱ ሲናወጥ የታየው ውጤት ይገባል። መጨረሻ ላይ የተመረጠው አማራጭ ደካማ ጎን ሳይሸፋፈን ይጻፋል። በእኛ ምሳሌ በምንጩ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡና አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ውኃው ወደ ቧንቧ ሲገባ ጠብ ሊነሣ ስለሚችል፣ ምክሩ ቅድመ ሁኔታ ይኖረዋል፦ ከግንባታው በፊት ለከብቶቹ ገንዳ እንዲሠራላቸውና የውኃ ድርሻቸውን የሚወስን ስምምነት በሽማግሌዎች ፊት እንዲፈረም። ስምምነቱ ካልተገኘ ሁለተኛው ምርጫ የትኛው እንደሆነም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። ይህ ሁሉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ የልኬት ወረቀቶቹና የዋጋ ዝርዝሮቹ በአባሪነት ይያያዛሉ።

አንዳንድ ጊዜ ድምሩ አንዱን አማራጭ ሲያስቀድም፣ ቦታውን ያየው ባለሙያ ግን ልቡ ወደ ሌላው ያደላል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን መጎተት አይገባም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያልተጻፈ መመዘኛ መኖሩ ነው፤ ምናልባት ጉድጓዱ የሚቆፈርበት መሬት ክርክር ያለበት ይሆናል። መመዘኛው በስሙ ተጽፎ፣ ክብደቱን ለፈረሙት ሁሉ ቀርቦ፣ ሠንጠረዡ እንደገና ይሠራል። በስሙ ሊጻፍ የማይችል ምክንያት ከሆነ ግን በምክሩ ውስጥ ቦታ የለውም።