አምስት ሹራብ ደርቦ መብረድ

ሚኒሶታ የገባ የአገር ልጅ፣ የመጀመሪያው ዊንተር ሲይዘው በረዶ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣና ለወዳጅ ዘመድ ይልካል። ከሁለት ዓይኖቹ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ከፎቶው ሥር ደግሞ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «እኔን የምትፈልጉ፣ አራተኛው ሹራብ ጋ ስትደርሱ ወደ ቀኝ ታጠፉና ጠይቁ፤ እዚያ ያውቁኛል።» ጓደኞቹ ይስቃሉ። እናቱ ግን አይስቁም፤ ደውለው «ሰው ሲመጣ ጋቢ ልላክልህ እንዴ ልጄ?» ይላሉ።

በሚኒያፖሊስ ከተማ የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ መውረዱ የተለመደ ነው፤ ሲብስ 20ንም አልፎ ይወርዳል። ስለዚህ መደረቡ አያስወቅስም። ችግሩ ቀልዱ ልብስ ይቆጥራል እንጂ ስለ ልብሱ ዓይነት ምንም አይናገርም። አምስት ሹራብ የለበሰው ልጅ ሦስት ልብስ ብቻ ከለበሰው ጎረቤቱ ይልቅ ሲንቀጠቀጥ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ልጁ ማለዳ ወደ ሥራ ሲወጣ እንየው። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላዩ ቲሸርት፣ ከዚያ በላይ ተጣብቀው የገቡ አምስት ሹራቦች፣ መጨረሻ ላይ ስስ ጃኬት። ከታች ጂንስ፣ ሦስት የጥጥ ካልሲና በግድ የገባ ስኒከር። አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ይሮጣል፤ ሲሮጥም ያልበዋል። ፌርማታው ላይ ሲደርስ አውቶቡሱ የለም። ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆም ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰበት ይመስለዋል፤ የእግሩ ጣቶች ደግሞ ጭራሽ የሉም።

ልብስ በራሱ አያሞቅም። ሙቀቱ ከገላ የሚወጣ ነው፤ የልብሱ ሥራ በክሮቹና በድርቦቹ መካከል አየር ይዞ፣ ሙቀቱ ቶሎ እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። አምስቱ ሹራቦች ተጨፍልቀው ሲጣበቁ ይህ አየር ከመካከላቸው ይወጣል። ጥጡ ላቡን መጥጦ ገላ ላይ ይለጠፋል፤ ውኃ ደግሞ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ሦስቱ ካልሲዎች እግሩን ስለሚያጠብቁት ደም እንደ ልብ ወደ ጣቶቹ አይደርስም። በዚህ ላይ ስስ ጃኬቱ ነፋስ ያስገባል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ካለ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ የሆነ ያህል ይሰማል፤ ያልተሸፈነ ቆዳም በግማሽ ሰዓት ውስጥ በረዶ ሊመታው ይችላል።

ጎረቤቱ የለበሰው ይህንን ነው፦ ገላው ላይ ላብ የማይዝ ስስ ተርማል፣ ከላዩ ሰፋ ያለ የሱፍ ሹራብ፣ ከውጭ ነፋስ የማያስገባ ባለ ኮፍያ ወፍራም ጃኬት። ሱፍ ቢረጥብ እንኳ ሙቀት መያዙን ጨርሶ አይተውም። እግሩ ላይ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጓል፤ ቡትሱ ውስጥ ጣቶቹን እንደ ልቡ ያንቀሳቅሳል። ጫማ ሲገዛ ካልሲውን ይዞ ሄዶ የለካውም ለዚህ ነው። ጓንቱ አራቱን ጣቶች በአንድ ላይ የሚያቅፍ ዓይነት ነው፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሞቃሉ። ከሁሉም የገረመኝ ግን ፈጠን ብሎ መራመድ ሲጀምር ዚፑን ዝቅ ማድረጉ ነው። ሳያልበው በፊት ይከፍታል፣ ሲቆም ይዘጋል፤ የሚሞቅ አውቶቡስ ውስጥ ሲገባም ኮፍያና ጓንቱን ያወልቃል።

የእናትየው ጋቢስ? ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ በእጥፎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ለአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ጥጥ ነው፣ ነፋስም አይከለክልም። ሚኒሶታ ላይ ቦታው ፌርማታ ሳይሆን ሶፋ ነው፤ ይላኩለት።

ያ ልጅ ጣቶቹ ጠፉ ያለው በቀልድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ብርድ የመታው ቦታ መጀመሪያ ይቆጠቁጣል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል። ሕመሙ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው የተሻለው ይመስለዋል፤ የሚያስፈራው ግን ያኔ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ቆዳው አመድማ ሆኖ እንደ ሰም ሲጠነክር ነው የሚታወቀው። ያኔ ማሸትም ሆነ ምድጃ ላይ ማስጠጋት አይገባም፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል እንኳ አይሰማውም። ቤት ገብቶ፣ ክርን ሲነኩት የማያቃጥል ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ከዚያም ቀለሙ ካልተመለሰ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።