ሌሊት የሚወጣው ዕጣ

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ማለዳ ወዳጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ደወለልኝ። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «ስማ፣ አካውንቴ ላይ ሦስት መቶ አክሲዮን ተሸጧል ይላል። እኔ አልሸጥኩም። እንዲያውም የዚህ ኩባንያ አክሲዮን ኖሮኝ አያውቅም። የሌለኝን ማን ነው የሸጠብኝ?» አለኝ። አካውንቱን ሌላ ሰው የገባበት መስሎት የይለፍ ቃሉን ሁለት ጊዜ ቀይሯል።

የገባበት ሰው የለም። ከሦስት ሳምንት በፊት የሸጠው የኮል ኦፕሽን ሌሊቱን ዕጣ ወጥቶበት ነው። በገበያው ቋንቋ «አሳይንመንት» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «ደረሰህ» ማለት ነው። ዕቁብ ላይ ሲደርስ ግን እልል ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮል ኦፕሽን የገዛ ሰው አንድን አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ፣ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የመግዛት መብት አለው። የሸጠው ደግሞ ፕሪሚየም የሚባለውን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ሲጠየቅ በዚያው ዋጋ ሊያስረክብ ግዴታ ገብቷል። ፑት ሲሆን ግዴታው ይገለበጣል፤ ሻጩ ሲጠየቅ አክሲዮኑን በተወሰነው ዋጋ ይገዛል። አንድ ውል ብዙውን ጊዜ 100 አክሲዮን ነው። በአሜሪካ ገበያ በየኩባንያው አክሲዮን ላይ የሚሸጡ ኦፕሽኖችን ባለ መብቱ ጊዜያቸው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ በየትኛውም የሥራ ቀን ሊጠቀምባቸው ይችላል። ወዳጄ የሳተው ይህንን ነበር፤ ጥያቄው የሚመጣው በመጨረሻው ዓርብ ብቻ ይመስለው ነበር።

ብዙ ሰው ደግሞ ኦፕሽኑን የገዛኝ ሰው ነው የሚጠይቀኝ ብሎ ያስባል። ገዢህን ግን አታውቀውም፣ እሱም አያውቅህም። ግብይቱ በተፈጸመበት ቀን መካከላችሁ የገባ ተቋም አለ፤ ኦፕሽንስ ክሊሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ኦሲሲ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን መቀመጫው ቺካጎ ነው። ለገዢው ሁሉ ሻጭ፣ ለሻጩ ሁሉ ገዢ ሆኖ የሚቆመው እሱ ነው። ስለዚህ ውሎቹ ባለቤታቸው አይለይም፤ ኩባንያው፣ ዋጋውና የማብቂያ ቀኑ ተመሳሳይ የሆነ ውል የሸጠ ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ እንደተጣለ ብጣሽ ወረቀት ነው።

ዕጣው ሁለት ጊዜ ይወጣል። ባለ መብቱ «አክሲዮኑን እፈልጋለሁ» ብሎ ለብሮከሩ ያዛል፣ ብሮከሩ ለኦሲሲ ያስተላልፋል። የቀኑ ግብይት ተዘግቶ የዕለቱ ሒሳብ ከተጣራ በኋላ ኦሲሲ የመጀመሪያውን ዕጣ በአባል ድርጅቶቹ መካከል ያወጣል። እዚህ ላይ የአንተ ስም የለም፤ ያለው የብሮከርህ ድርጅት ነው። ዕጣው የደረሰው ድርጅት ደግሞ በበኩሉ ያንኑ ውል ከሸጡት ደንበኞቹ መካከል ይመርጣል። ሁለተኛው ዕጣ ይህ ነው። የሚመርጥበት ዘዴ በዘፈቀደ ሊሆን ይችላል፣ «ቀድሞ የሸጠ ቀድሞ ይጠየቅ» የሚል ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ፍትሐዊ መንገድም ይፈቀዳል። ደንቡ የሚከለክለው ማዳላትን ነው፤ ዘዴውንም ለደንበኛው በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው። ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ እኔም ያነበብኩት ከደረሰብኝ በኋላ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። ዕጣው የሚወጣው ገበያው ከተዘጋ በኋላ በቀረው ሒሳብ ላይ በመሆኑ፣ በዚያው ቀን ገበያው ሳይዘጋ ውልህን መልሰህ ከገዛህ ሣጥኑ ውስጥ የለህም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሸጠ ሰው ግን ለዛሬ ሌሊት ዕጣ እኩል ይቀርባል። ማለዳ ማሳወቂያው ከደረሰህ በኋላ ደግሞ መልሶ መግዛት የሚባል ነገር የለም፤ የተመረጠው ውል ትናንት አልቋል።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። የሸጠው የ50 ዶላር ኮል ነው፣ አራት ውል። ራሱን ለመጠበቅ የ55 ዶላሩን ኮል አራት ገዝቷል። በልዩነቱ ለእያንዳንዱ 170 ዶላር ተቀብሏል። ረቡዕ ገበያው ሲዘጋ አክሲዮኑ 54 ዶላር ላይ ነበር፤ የሸጠው ኮል 4.05 ያወጣ ነበር። ሐሙስ የዲቪደንዱ መለያ ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አክሲዮኑን የሚገዛ ሰው የ60 ሳንቲሙ የትርፍ ድርሻ አይደርሰውም። እንግዲህ ኮሉን በያዘው ሰው ቦታ ሆነህ አስበው። ረቡዕ መብቱን ከተጠቀመ ከ4.05 ውስጥ የጊዜ ዋጋ የሆነችውን 5 ሳንቲም ይጥላል፣ 60 ሳንቲም ያገኛል። ዝም ካለ አክሲዮኑ ሐሙስ በዲቪደንዱ ልክ ወርዶ ይከፈታል፣ ኮሉም አብሮ ይወርዳል፣ ዲቪደንዱም የሌላ ሰው ነው። የሚያስብ ሰው ረቡዕ ይጠይቃል።

ይህን አስቀድሞ ለማየት ቀላሉ መንገድ በዚያው 50 ዶላር የተተመነውን የፑት ዋጋ ማየት ነው። ረቡዕ ያ ፑት 20 ሳንቲም ነበር። የፑቱ ዋጋ ከዲቪደንዱ ካነሰ ሻጩ ሌሊቱን እንደሚጠየቅ ይቁጠር። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ወዳጄ ግን ረቡዕ ሙሉ ቀን መሪ ላይ ነበር።

ማለዳ የታየው ሒሳብ ይህን ይመስል ነበር፦

```
XYZ              -300
XYZ 50 CALL        -1
XYZ 55 CALL        +4
CASH       +15,000.00
```

ከአራቱ ሦስቱ ብቻ ተጠርተዋል። አንዱ የቀረው መብታቸውን መጠቀም የረሱ ወይም ያልፈለጉ ገዢዎች ስላሉ ነው፤ ዕጣውም ለሁሉም አይደርስም። የመጀመሪያው ምርመራ እንግዲህ ቁጥር መቁጠር ነው። ስንት ውል ተጠራ፣ ስንት ቀረ፣ የተጠሩት ሲባዙ በ100፣ ሲባዙ በ50 ዶላር ከገባው ገንዘብ ጋር ይገጥማል? 3 ሲባዛ በ5,000፣ 15,000 ይሆናል፤ ገጥሟል። ኩባንያው ተከፋፍሎ ወይም ተዋሕዶ ውሉ የተሻሻለ ከሆነ 100 አክሲዮን ላይሆን ስለሚችል ያኔ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ገንዘቡን በትክክል ማንበብ ነው። ያ 15,000 ዶላር ትርፍ አይደለም፤ መልሶ መግዛት ያለበት የ300 አክሲዮን ዕዳ በሌላ ወገን አለ። ብሮከሩም ይህንን ዕዳ ለመሸከም ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል፤ አካውንቱ ትንሽ ከሆነ «ገንዘብ ጨምር» የሚለው መልእክት ከማሳወቂያው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዝም ከተባለም ብሮከሩ በራሱ ጊዜና ዋጋ ይዘጋዋል። ዲቪደንዱም አለ። የ300 አክሲዮኑ ሽያጭ የሚቆጠረው በረቡዕ ቀን ስለሆነ፣ ወዳጄ 300 ጊዜ 60 ሳንቲም፣ ማለትም 180 ዶላር ከኪሱ ይከፍላል። ሐሙስ ጠዋት ፈጥኖ መግዛት ከዚህ አያድነውም። ክፍያውም የሚቆረጠው ኩባንያው ዲቪደንዱን በሚከፍልበት ቀን ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ከሳምንታት በኋላ ያየውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ያ የ55 ዶላር ኮል ነበር። «እሱን ተጠቅሜ አክሲዮኑን ላምጣና ልገላገል?» አለኝ። በደመ ነፍስ ትክክል ይመስላል፤ ለዚሁ አይደል የገዛው? ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። አክሲዮኑ ሐሙስ 53.40 ላይ ተከፈተ። በኮሉ ከወሰደ 300ውን በ55 ይገዛል፣ 16,500 ዶላር። ከገበያ ከገዛ 16,020 ይበቃዋል። በዚያ ላይ ሦስቱ ኮሎች ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ዕድሜ ስላላቸው እያንዳንዳቸው በ50 ሳንቲም ይሸጣሉ፣ 150 ዶላር። ልዩነቱ 630 ዶላር ነው። በጠባቂው ኮል አክሲዮን መውሰድ የሚያዋጣው አክሲዮኑ ከ55 በላይ ሲሆን፣ ያውም የጊዜ ዋጋው ካለቀ ነው።

ወዳጄ ከገበያ ገዛ። አክሲዮኑ ላይ 1,020 ከሰረ፣ ዲቪደንዱ 180፣ ከኮሎቹ ሽያጭ 150 መለሰ፤ መጀመሪያ ከተቀበለው 510 ዶላር ጋር ሲቻቻል ሦስቱ ውሎች 540 ዶላር አስከፍለውታል። ያማል፤ ያልገባው ሰው ግን 1,170 ይከፍል ነበር።

አንድ ነገር ግን ልናበላሽ ምንም አልቀረን። አራቱንም ውል በአንድ ጊዜ ለመዝጋት ከሳምንት በፊት ያስቀመጠው፣ እስኪሰረዝ የሚቆይ ትእዛዝ አለው። አንዳንድ ብሮከር ይህን ራሱ ይሰርዛል፣ አንዳንዱ አይሰርዝም። ያ ትእዛዝ ዋጋው ደርሶ ቢፈጸም የሸጠውን አራት ኮል ይገዛል፤ የቀረው ግን አንድ ብቻ ነው። ሦስቱ አዲስ ግዢ ይሆናሉ፣ ሳያውቀው። ስለዚህ ገበያው ጠዋት 9:30 ላይ ከመከፈቱ በፊት የተንጠለጠለ ትእዛዝ ሁሉ ይሰረዝ፣ ከዚያ ቁጥሩ እንደ አዲስ ይጻፍ። የቀረችው አንዷ ውል ዲቪደንዱ ካለፈ በኋላ የምትጠራበት ምክንያት ስለሳሳ ያን ያህል አታስቸኩልም።

የመጨረሻው ዓርብ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ጊዜው ሲያልቅ በ1 ሳንቲም እንኳ ትርፍ ውስጥ ያለ ኦፕሽን ባለቤቱ ተቃራኒ ካላዘዘ በራሱ ይፈጸማል። ገበያው የሚዘጋው ከሰዓት በኋላ 4:00 ነው፣ ባለ መብቱ ግን እስከ 5:30 ሐሳቡን መቀየር ይችላል፤ ብሮከሩ ቀደም ያለ ሰዓት ካላበጀ በቀር። በዚያ ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለ ኩባንያው ወሬ ከወጣ፣ 49.90 ላይ ተዘግቶ «የ50 ኮሌ ሞተ፣ ፕሪሚየሙ ቀረልኝ» ብለህ የተኛህበት ውል ሊነሣብህ ይችላል። ያን ጊዜ ሰኞ ማለዳ ዕዳ ሆኖ የምታገኘው አክሲዮን የሁለት ቀን ዜና ተሸክሞ ነው የሚከፈተው፤ ጠባቂ ኮል ገዝተህ ከሆነ እሱ ዓርብ ሞቷል። ለዚህ ነው ዋጋው ከስምምነቱ አጠገብ ሲያንዣብብ በጥቂት ሳንቲም መልሶ ገዝቶ መገላገልን የምመርጠው። የአምስት ሳንቲም ስስት ሲያስከፍል አይቻለሁ።

ኦፕሽን ሸጠህ ከሆነ ዛሬውኑ ሁለት ነገር ጠይቅ። አክሲዮኑ ዲቪደንድ የሚለይበት ቀን መቼ ነው፣ ብሮከርህስ ሁለተኛውን ዕጣ የሚያወጣው በዘፈቀደ ነው ወይስ በቅድሚያ ተራ? ሁለተኛውን ሊነግሩህ ግዴታ አለባቸው።