ሳሙና፣ ጣትና የሳንባ ምች

በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ፣ ተጨናንቀው በተሠሩ የድሃ ሰፈሮች፣ ተመራማሪዎች ለአንድ ዓመት ያህል ለተመረጡ ቤተሰቦች ሳሙና እያደሉ የእጅ አስተጣጠብን አስተማሩ። ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ሳሙና በታደለባቸው ቤቶች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሳንባ ምች መያዛቸው ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ቀነሰ። ጀርም ገዳይ መድኃኒት የተጨመረበት ሳሙናም ከተራው ሳሙና የተሻለ ውጤት አላመጣም።

የሳንባ በሽታ ከእጅ ጋር ምን አገናኘው? ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫውን ይጠርግና የታክሲውን በር ይይዛል። ቀጥሎ የሚገባውም ያንኑ ይነካል፤ ሳያስበውም ዓይኑን ያሻል፣ አፍንጫውን ይነካካል። ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፊቱን ብዙ ጊዜ ይነካል፤ ስለዚህ የቫይረሱ የመጨረሻ መሸጋገሪያ ጣት ነው።

በሩን መድኃኒት ብንረጨው ንጹሕ የሚሆነው ቀጣዩ እጅ እስኪያርፍበት ብቻ ነው። ጓንትም ቫይረሱን እንደ ቆዳ ተሸክሞ ፊት ላይ ያደርሰዋል። እንዲያውም ይብሳል፤ ጓንት ያጠለቀ ሰው የተጠበቀ ስለሚመስለው አይታጠብም፣ ሲያወልቀውም በውጪው በኩል ያለው ቆሻሻ እጁን ይነካዋል። መታጠብ ግን ቫይረሱን ከራሱ ከጣቱ ላይ ያነሳል። ሳሙና እንደ ኮሮና ያሉትን ቫይረሶች የሸፈነውን የስብ ሽፋን ያፈርሳል፤ እንዲህ ያለ ሽፋን የሌላቸውን የጉንፋን ቫይረሶች ደግሞ ከቆዳው አላቅቆ በውኃ እንዲወርዱ ያደርጋል።

በየቤታችን ከምግብ በፊት ማስታጠብ መልካም ልማድ ነው፤ ውኃው እየፈሰሰ መውረዱ ትክክል ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሳሙና አለመኖሩና የቀኝ እጅ ጣቶች ብቻ ረጠብ ተደርገው መታለፋቸው ነው። እጅ ከረጠበ በኋላ ሳሙናው አረፋ እስኪያወጣ ይቀባል፤ ከዚያ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታሻል። መዳፍ ለመዳፍ ማሸት ለሁላችንም ይቀናል። የሚረሱት አይበሉባው፣ የጣቶች መሐል፣ አውራ ጣትና የጣት ጫፎች ናቸው። አውራ ጣትን በሌላው እጅ ጨብጦ ማሽከርከር፣ የጣት ጫፎችን ከነጥፍራቸው በሌላው መዳፍ ላይ መፋተግ ያስፈልጋል፤ አፍንጫና ዓይን የሚነካው ይኸው ጫፍ ነውና። በመጨረሻም በሚፈስ ውኃ ማለቅለቅና በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው፤ እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይበልጥ ጀርም ያስተላልፋል። ውኃ በሌለበት ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይረዳል፤ ንፍጥ ወይም ጭቃ በነካው እጅ ላይ ግን ኃይሉ ይቀንሳል።

ካራቺ ላይ የታየው ውጤት በሁሉም ቦታ አይገኝም። በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ እጅ መታጠብ የመተንፈሻ አካል ሕመምን የሚቀንሰው ከ16 እስከ 21 በመቶ ገደማ ነው። በአየር የሚመጣውን አያቆምም፤ ለዚያ መስኮት መክፈት፣ ሲያስሉም አፍን በክንድ መሸፈን ያስፈልጋል።