የጠዋት ትርታና የሽሮ ሜዳ ዳገት

ከራስጌዬ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች። በግራ ገጿ የጠዋት የልብ ምቴን፣ በቀኝ ገጿ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ምን ያህል እንዳደከመኝ እጽፍባታለሁ። ዳገቱን በሳምንት አራት ቀን መውጣት የጀመርኩት በ48 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ «ለውጥ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። ሚዛን ላይ ስወጣ ኪሎዬ ንቅንቅ አላለም። ኪሎ ግን ስለ ልብና ስለ ሳንባ ጥንካሬ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው፤ ለዚህ የሚበጁት እነዚያ ሁለት ገጾች ናቸው።

በግራው ገጽ እንጀምር። አዋቂ ሰው አርፎ ሲተኛ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። ይህን በ74 ምት የሚያዳርስ ልብ በእያንዳንዱ ምት 68 ሚሊ ሊትር ያህል ይልካል ማለት ነው። አዘውትሮ የሚራመድ ወይም የሚሮጥ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲበዛ ልብ በደንብ ይሞላል፣ በአንድ ምትም ብዙ ይረጫል። በ60 ምት ያንኑ 5 ሊትር ለማዳረስ በየምቱ 83 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የአንዳንድ የረጅም ርቀት ሯጮች ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 40 ጊዜ ገደማ ብቻ የሚመታውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

አለካኩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ጠዋት እንደነቁ፣ ከአልጋ ሳይወርዱና ስልክ ሳይነኩ፣ ሌባ ጣትንና መሃል ጣትን ከእጅ አንጓ በአውራ ጣት በኩል ያሳርፋሉ። በአውራ ጣት አይለካም፤ የራሱ ትርታ ስላለው ቆጠራውን ያደናግራል። የሚቆጠረው ሙሉ 60 ሴኮንድ ነው። በ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት የሚያባዛ ሰው አንዲት ምት ቢስት ውጤቱ በአራት ይዛነፋል፤ ከወራት ልምምድ በኋላ የሚጠበቀው ቅናሽ ራሱ ደግሞ ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

የመጀመሪያው ሳምንቴ እንዲህ ነበር፦ 74፣ 71፣ 76፣ 73፣ 72፣ 78፣ 74። ማክሰኞ 71 ሳይ ደስ አለኝ፤ ቅዳሜ 78 ሳይ ደነገጥኩ። ሁለቱም ከንቱ ነበሩ። ዓርብ ማታ ሠርግ ነበር፤ አምሽቻለሁ፣ ጠጅም ቀምሻለሁ። የአንድ ቀን ቁጥር የእንቅልፍን፣ የመጠጥን፣ የጭንቀትንና የውሃ ጥማትን ወሬ ይዞ ይመጣል። ሰባቱን ደምሮ ለሰባት ማካፈል ይሻላል፤ የእኔው 74 ሆነ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የሳምንቱ አማካይ 71፣ በ12ኛው ሳምንት ደግሞ 70 ደረሰ። በሦስት ወር አራት ምት ብቻ! ለዚያ ሁሉ ላብ አነሰ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ለጀማሪ ግን የተለመደ ለውጥ ነው።

ቀኝ ገጹ የበለጠ ያወራል። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ቦርግ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰው ድካሙን ራሱ በቁጥር የሚሰጥበትን መለኪያ አዘጋጀ። መለኪያው ከ6 እስከ 20 ይሄዳል። በ6 ምንም ድካም የለም፤ 11 ቀላል ነው፤ 13 ከበድ ማለት የጀመረ፤ 15 ከባድ፤ 17 በጣም ከባድ፤ 20 ደግሞ ከዚያ ወዲያ አቅም የሌለበት። ከ6 መጀመሩ ግራ ያጋባል። ቦርግ ያሰበው ቁጥሩ በ10 ሲባዛ ከጤነኛ ወጣት የልብ ምት ጋር እንዲቀራረብ ነው፤ 13 ያለ ወጣት ልቡ 130 አካባቢ ይመታል። በእኔ ዕድሜ ማባዛቱ በትክክል አይሠራም፤ ስለዚህ ቃላቱን ብቻ ይዤ ማባዛቱን ትቼዋለሁ።

ይህ መለኪያ ለውጥን የሚያሳየው ሥራው ካልተቀየረ ብቻ ነው። እኔ ከአንድ ሱቅ ፊት ተነሥቼ እስከ አንድ ባሕር ዛፍ ድረስ በ30 ደቂቃ እወጣለሁ፤ አልፈጥንም፣ አልዘገይም። ዛፉ ሥር እንደደረስኩ የእግሬን ሕመም ብቻ ሳይሆን ትንፋሼንና መላ ሰውነቴን አዳምጬ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ያለፈውን ሳምንት ገጽ ቀድሞ ማየት ክልክል ነው፤ ሰው የሚመኘውን ቁጥር መጻፍ ይቀናዋል። የመጀመሪያው ሳምንት 16 ነበር፤ ሁለት ቃል ተናግሬ አየር እስብ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት 14፣ በስምንተኛው 13፣ በ12ኛው 12። አሁን አብሮኝ ከሚወጣ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር አወራለሁ። ዳገቱ የሚጠይቀው ኦክስጅን ያው ነው፤ የሰውነቴ ከፍተኛ አቅም ስላደገ ግን ያ ሥራ ከአቅሜ የሚወስደው ድርሻ አነሰ። ትርታዬ ገና አንድ ሁለት ምት ሲንፏቀቅ የድካሜ ቁጥር ቀድሞ መውረዱ አያስገርምም።

ሁለቱ ገጾች ሲጣሉ ነው ደብተሯ ዋጋዋን የምታወጣው። በስድስተኛው ሳምንት የጠዋት ምቴ ሦስት ቀን ተከታትሎ 80 አካባቢ ሆነ፤ ዳገቱም ወደ 16 ተመለሰ። አቅሜ የጠፋ መሰለኝ። በአራተኛው ቀን ጉንፋኑ ወጣ። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል ልብ ይፈጥናል፤ ያን ሳምንት ከስሌቱ አውጥቼ ዐረፍኩ። ትርታው ሳይቀንስ ድካሙ ብቻ ቢቀንስ ግን መሻሻል ነው፤ የብዙ ሰው የእረፍት ምት በተፈጥሮው ብዙም አይንቀሳቀስም።

ዱባይ የምትኖረው እህቴ ለበዓል መጥታ አብራኝ ወጣች። እዚያ በየሳምንቱ የምትሮጥ ሰው ናት፤ የጠዋት ምቷ 62 ነበር። እዚህ በሁለተኛው ቀን 71 ሲሆንባት «ወንድምዓለም፣ ልቤ ታመመ እንዴ?» አለችኝ። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ የመጣ ሰው በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ልቡ ያንን በፍጥነት ለማካካስ ይሞክራል። ከፍታው እየጨመረ የሚሄደው የእንጦጦ መንገድማ 17 አስጻፋት። የሁለት ከተሞች ቁጥር አይወዳደርም። በጾም ወራት ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ሰዎችም የከሰዓት ልምምዳቸውን ከፍስኩ ወራት ጋር ማወዳደር የለባቸውም፤ ውሃ ያነሰው ደም ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ ምት ይፈልጋል።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ተብለው የሚታዘዙ እንደ አቴኖሎልና ቢሶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብን ምት ስለሚይዙት፣ እነሱን የሚወስድ ሰው በቀኝ ገጹ ይመራ። አርፎ ተኝቶ ከ100 በላይ የሚመታ፣ ወይም ዝቅ ብሎ ራስ የሚያዞር፣ የሚያስት ልብ የአቅም ምልክት አይደለምና ለሐኪም ነው የሚቀርበው። ዳገት ላይ ደረት የሚጫን ሕመም ከመጣ እዚያው ቆሞ እርዳታ መጥራት እንጂ ቁጥር የሚጻፍበት ጊዜ አይደለም።

በ13ኛው ሳምንት ሳላስበው ዛፉ ሥር በ27 ደቂቃ ደረስኩ። ድካሜን 15 ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ደብተሯን ገልጣ «አባዬ፣ ወደ ኋላ ተመለስክ እኮ!» አለችኝ። 27 የሚለውን አሳየኋትና አዲስ ገጽ ከፈትኩ።