በቃል የተያዘ ጸሎትና ብራና፦ የትኛው ይታመናል?

ራማት ቬርበር ያደገ ልጅ ጸሎት ሲባል የሚያውቀው ሲዱር ከፍቶ ማንበብ ነው። አያቱ ደግሞ የሚያስታውሱት ቄሱ መጽሐፍ ሳይዙ ሌሊቱን በግእዝ ሲያዜሙ ነው። ታዲያ ልጁ «ካልተጻፈ እንዴት አልተለወጠም ይባላል?» ቢል አይገርምም። ተመራማሪዎችም ይህንኑ ሲጠይቁ ኖረዋል።

ኦሪቱማ በብራና ተጽፎ ነበር። ጸሎቱም ጨርሶ አልተጻፈም ማለት አይደለም፤ በ1860ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የሄደው ዮሴፍ ሃሌቪ ያገኘውን የጸሎት ጽሑፍ በ1877 አሳትሟል። ዜማው ግን የኖረው በቃል ብቻ ነው። በ1973 ኬይ ሸለመይ አምቦበር ላይ ቀዳችው፤ በኋላ ሲምሃ አሮምና ኦሊቪዬ ቱርኒ እዚህ እስራኤል ከቄሶች ቀዱ።

ቅጂዎች ሲነጻጸሩ መጀመሪያ የሚታየው የምስክር ብዛት ነው። ሁለት ቄሶች አንዱን ጸሎት ቃል በቃል አንድ ዓይነት ቢሉት ጥሩ ይመስላል። ሁለቱም ከአንድ መምህር የተማሩ ከሆነ ግን የሚቆጠሩት እንደ አንድ ምስክር ነው። የብራናም ሕግ ይሄው ነው፦ ከአንድ መጽሐፍ የተገለበጡ አሥር መጻሕፍት አንድ ድምፅ ናቸው። አንዱ በጎንደር፣ ሌላው በትግራይ ተምረው ከገጠሙ ነው ክብደት ያለው።

ስህተቱም የተለያየ ነው። ጸሐፊ ዓይኑ ከአንድ ቃል ወደ ተመሳሳዩ ዘሎ መስመር ይጥላል። ሆሄም ያምታታል። «መሐረነ» በሐመሩ ሐ «ማረን» ማለት ነው፤ «መሀረነ» በሃሌታው ሀ ደግሞ «አስተማረን»። ሲነገሩ አይለዩም፤ ስለ አምላክ ሲባል ሁለቱም ትርጉም ይሰጣሉ። ቴፑ እዚህ ላይ አይረዳም። ብራናውም የሚረዳው ጸሐፊው ሆሄ ጠንቃቃ ከሆነ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ አልነበሩም። ያኔ የሚፈርደው ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው።

አፍ ብልጫ ያለው ደግሞ በማጥበቅና በማላላት ነው። በአማርኛ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። በግእዝም ፊደሉ መጥበቁን አያሳይም፤ የሚያውቀው ከመምህሩ የሰማ ነው። በዚያ ላይ ቄሶች እየተቀባበሉ ስለሚያዜሙ፣ አንዱ ቢስት ሌላው ወዲያው ይመልሰዋል። ብቻውን በሌሊት የሚገለብጥ ጸሐፊ ይህን ዕድል አያገኝም።

የሚገርመው ግን በጸሎቱ መካከል ያሉት የቋርኛ፣ የአገው ቃላት ናቸው። የሚያዜሟቸው ሰዎች ትርጉማቸውን አብዛኛውን ጊዜ አያውቁም። ግእዙን የሚያውቅ ሰው ሳያስበው ወደ አማርኛ ሊያስጠጋው ይችላል፤ ያልገባውን ቃል ግን ማን ያሻሽላል? ድምፁ ይሸረፋል እንጂ በሌላ ቃል አይተካም። የቋንቋ ምሁሩ ዴቪድ አፕልያርድ እነዚህን ክፍሎች አጥንቷል፤ ቅማንትኛን የመሰሉ ዘመድ ቋንቋዎች የተሸረፈውን ቃል ለመለየት ይረዳሉ።

ቴፕ ግን የሚነግረን የተቀዳበትን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ የሚወስደው የመምህራኑ ሐረግ ነው። ስለዚህ ዛሬም የአንድ ቄስ ጸሎት ሲቀዳ ከዜማው በፊት መመዝገብ ያለበት «ከማን ተማሩ? የት?» የሚለው ነው።