ቡናው ሲፈላ ሕፃኑ የት ነው?

አብዛኞቹ ሕፃናት ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ዕድሜያቸው መዳኽ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ቤቱን ቆሞ ማየት አይበቃም፤ በእጅና በጉልበት ሆኖ ክፍሎቹን መዞር ያስፈልጋል። በዚህ ከፍታ ሲታይ፣ በብዙ ቤቶች ቀድሞ የሚያሰጋው ቡና የሚፈላበት ቦታ ነው። ከሰሉም፣ ጀበናውም፣ ረከቦቱም የሕፃኑ እጅ የሚደርስባቸው ናቸው።

የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ቶሎና በጥልቀት ይቃጠላል። የተቀዳ ቡና ወይም ሻይ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሊያቃጥለው ይችላል። ቡና የምታፈላው ሰው ዓይኗ ስኒው ላይ ሳለ ልጁ ይደርሳል፤ ስለዚህ ዐይን ብቻውን አይጠብቀውም። ቡናው ተፈልቶ ከሰሉ እስኪነሣ ልጁ አጥር ባለው አልጋ ወይም በሌላ ሰው እጅ ይቆይ። ሕፃን ታቅፎ ትኩስ ነገር መጠጣትም ይቅር። ከተቃጠለ ወዲያውኑ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሳይቀባ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ስኒዎቹ ከተነሡ በኋላ ወለሉ ላይ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ይቀራል። ቄጠማ ከተጎዘጎዘ ደግሞ በውስጡ ይሸሸጋል። ሕፃኑ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ፣ ከመልቀቁ በፊት ቄጠማው ተነሥቶ ወለሉ ይጠረግ። ለሌላው ዕቃ ቀላል መለኪያ አለ፦ በሶፍት ጥቅል መሐል ባለው ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሊያንቀው ይችላል። ከሁሉ የከፋችው ሳንቲም የምትመስለው ክብ ባትሪ ናት። ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ልጁ መዋጡ ከተጠረጠረ፣ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ።

ሕፃን ገመድ ካየ ይስባል። የውኃ ማፍያው ገመድ ከጠረጴዛ ከተንጠለጠለ የፈላው ውኃ በላዩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ገመዱ ወደ ግድግዳው ይጠጋ። የመጋረጃ ገመድ አንገቱ ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል ከፍ ብሎ ይታሰር።

በኩሽና ካቢኔት ታችኛው ክፍል በረኪናና ነጭ ጋዝ አይቀመጥ። በተለይ በውኃ ፕላስቲክ ከተገለበጡ ለትልቅ ሰውም ውኃ ይመስላሉ። በራሳቸው ዕቃ፣ ከፍ ባለና በሚቆለፍ ስፍራ ይሁኑ። ሕፃኑ ከጠጣ እንዲያስታውክ አይገደድ፤ ዕቃው ተይዞ ወደ ሆስፒታል ይሮጥ።

ደረጃ ያለበት ቤት ከላይም ከታችም በር ያስፈልገዋል። የላይኛው ግድግዳ ላይ በብሎን የተመታ ይሁን፤ ተወጥሮ ብቻ የሚቆም በር ልጁ ሲደገፈው ሊለቅ ይችላል። በመደገፊያው ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ በመረብ ይሸፈን።

ልጁ ይዞ መቆም ሲጀምር ዙሩ ይደገም፤ ትናንት የማይደርስበት የጠረጴዛ ጠርዝ አሁን እጁ ሥር ነውና።