የፈቃድ ቅጽና የፊርማው ቅደም ተከተል

በአነስተኛ ቢሮ የፈቃድ ጥያቄ የሚጓተተው አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊው ለመወሰን የሚያስፈልገው መረጃ ከፊቱ ስለማይገኝ ነው። «ስንት ቀን ቀርቶሃል? ሥራህን ማን ይይዛል? መቼ ትገባለህ?» የሚሉት ጥያቄዎች ቅጹ ላይ ቦታ ካላቸው ወረቀቱ አይመላለስም።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው ቀን ላይ ነው። «ከጥር 7 እስከ 15» ተብሎ ሲጻፍ 15 ፈቃድ ይሁን የሥራ ቀን አይታወቅም። ስለዚህ ቅጹ «የመጀመሪያው የፈቃድ ቀን» እና «ወደ ሥራ የሚመለሱበት ቀን» የሚሉ ሁለት ቦታዎች ሊኖሩት ይገባል፤ ከቀኑ ጎን ዕለቱም ይጻፍ። ቀኑ ተሳስቶ ከተጻፈ ከዕለቱ ጋር ስለማይገጥም ወዲያው ይታወቃል።

ቅዳሜ በማይሠራበት ቢሮ አንዲት ሠራተኛ ሐሙስ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጥታ ዓርብ ጥር 15 ትመለሳለች እንበል። ከቢሮ የምትርቀው 8 ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም ሰኞ የሚውለው ጥምቀት ሲቀነሱ ግን የሚቆጠርባት 5 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ እንዴት እንደሚቆጠር ቅጹ ግርጌ ላይ ታትሞ ቢቀመጥ ክርክሩ ያበቃል።

ከቅጹ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የፊርማው ተራ ነው። መጀመሪያ ሠራተኛዋ፣ ቀጥሎ ሥራዋን የሚሸፍነው ባልደረባ ይፈርማሉ። የባልደረባው ፊርማ ሥራውን መረከቡን ስለሚያረጋግጥ ስሙን ብቻ መጻፍ አይበቃም። ሦስተኛዋ መዝገብ ያዧ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሠራተኛዋ ሦስት ዓመት አገልግላ 17 ቀን ካላት፣ 6 ቀን ከወሰደችና አሁን 5 ከጠየቀች፣ መዝገብ ያዧ «ቀሪ 6» ብላ ትፈርማለች። ኃላፊው የሚፈርመው ከዚህ በኋላ ነው። በብዙ ቢሮዎች ግን ተራው ይገለበጣል፤ ኃላፊው ይፈቅዳል፣ ቀሪ ቀን አለመኖሩ በኋላ ይታወቃል፣ የተሰጠ ፈቃድም ይሻራል።

ለኃላፊው ሦስት ምርጫ ይበቃል፦ ተፈቅዷል፣ አልተፈቀደም፣ ወይም በሌላ ቀን ይሁን። በሁለተኛው ምክንያቱ፣ በሦስተኛው አማራጭ ቀኑ መጻፍ አለበት፤ ባዶው «አይቻልም» ሌላ ጥያቄ ይወልዳልና። ውሳኔው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲሰጥና ኃላፊው በሌለ ጊዜ የሚፈርመው ማን እንደሆነ በቅጹ ላይ ይታተም። ቅጂው ለሠራተኛዋ ይሰጣል፤ ዋናው ከግል ማኅደሯ ይገባል።

ይህ ቅደም ተከተል ለሕመም ፈቃድ አይሠራም። የታመመ ሰው አስቀድሞ ሊያስፈርም አይችልም፤ ሕጉም የሚጠይቀው በቀረ ማግስት፣ ከቻለ፣ እንዲያሳውቅ ነው። መልእክቱን የተቀበለው ሰው ስሙንና ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ሠራተኛው ሲመለስ ቅጹን ሞልቶ የሕክምና ማስረጃውን ያያይዛል፤ ተተኪና ቀሪ ቀን የሚጠየቁባቸው ቦታዎች ይዘለላሉ።